«ሒሳብዎ በማጣራት ላይ ነው»፦ የክሪፕቶ መገበያያዎች ገንዘብን ለምን ያቆያሉ? ለምን ያህል ጊዜስ?

በክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት ሒሳብ የከፈተ ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ሲሞክር ከሚገጥሙት አስደንጋጭ መልእክቶች አንዱ «ማንነትዎ እስኪረጋገጥ ድረስ ሒሳብዎ ታግዷል» የሚለው ነው። ቀሪ ሒሳቡ በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ዋጋውም ከደቂቃ ደቂቃ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ገንዘቡ ግን ንቅንቅ አይልም። የደንበኞች አገልግሎት ክፍሉ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «ጉዳዩን እያጣራን ነው» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም።

ከውጭ ሲታይ እገዳው አንድ ብቻ ይመስላል። በውስጡ ግን ምክንያታቸውም ጊዜያቸውም የተለያየ ሦስት ሰዓቶች ሊቆጥሩ ይችላሉ። አንደኛው ገንዘቡ ከባንክ ከመጣበት መንገድ፣ ሁለተኛው ከሒሳቡ ደኅንነት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከማንነት ሰነድ ጋር የተያያዘ ነው። ደንበኛው በየትኛው ሰዓት ላይ እንዳለ ካወቀ፣ መጠበቅ ያለበትን ከመጠበቅ፣ ማስተካከል የሚችለውን ደግሞ ከማስተካከል ወደኋላ አይልም።

በስክሪን ላይ የሚታየው ገንዘብ የት ነው ያለው?

በመገበያያ ድርጅት ሒሳብ ውስጥ «0.03 ቢትኮይን» የሚል ቁጥር ሲታይ፣ በደንበኛው ስም በብሎክቼይን ላይ የተመዘገበ 0.03 ቢትኮይን አለ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የድርጅቱ የውስጥ መዝገብ ነው። ሳንቲሞቹ ከሌሎች ደንበኞች ሳንቲሞች ጋር ተቀላቅለው ድርጅቱ በሚቆጣጠራቸው ዋሌቶች ውስጥ ይቀመጣሉ። ደንበኛው ቢትኮይን ሲገዛ ወይም ሲሸጥ የሚለወጠው ይኸው የውስጥ መዝገብ ብቻ ስለሆነ ግብይቱ በሰከንድ ይጠናቀቃል።

ገንዘብ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ድርጅቱ በራሱ ቁልፍ ፈርሞ ሳንቲሞቹን ወደ ብሎክቼይን ይልካል። አንዴ ከተላኩና በአውታረ መረቡ ከተረጋገጡ በኋላ የሚመልሳቸው ባንክ፣ ዳኛ ወይም ሥራ አስኪያጅ የለም። ስለዚህ ድርጅቱ ያለውን ጥርጣሬ ሁሉ የሚያጣራው ከመፈረሙ በፊት ነው። እገዳ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚኖረው በደንበኛው ጥያቄና በድርጅቱ ፊርማ መካከል ባለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መለያ ይገኛል። የማውጣት ጥያቄው `Pending` የሚል ምልክት ኖሮት `TXID` የሚባለው የግብይት መለያ ከሌለው፣ ገንዘቡ ገና ከድርጅቱ እጅ አልወጣም፤ ምክንያቱም መፈለግ ያለበት በድርጅቱ ውስጥ ነው። መለያው ካለ ግን ድርጅቱ ፈርሟል ማለት ነው። በቢትኮይን ይህ መለያ 64 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው ነፃ በሆኑ የብሎክቼይን መመልከቻ ገጾች ላይ ፈልጎ ሊያየው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የአውታረ መረቡ ማረጋገጫ ነው። በቢትኮይን አንድ ብሎክ በአማካይ በ10 ደቂቃ ስለሚገኝ፣ በተለምዶ የሚጠበቁት ስድስት ማረጋገጫዎች አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ። ለቀናት የዘለቀ መዘግየት ከብሎክቼይኑ የሚመጣበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት፦ የባንኩ

በአሜሪካ አብዛኛው ሰው ወደ መገበያያ ገንዘብ የሚያስገባው ኤሲኤች በሚባለው የባንኮች የዝውውር ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ሲሠራ ድርጅቱ ከደንበኛው ባንክ ገንዘቡን «ይስባል»። ዶላሩ በሒሳቡ ላይ ወዲያው ቢታይም፣ ብዙውን ጊዜ ድርጅቱ ገንዘቡ ሳይደርሰው በእምነት ያሳየው ቁጥር ነው።

አደጋው ያለው ገንዘቡ ሊመለስ በመቻሉ ላይ ነው። በባንኩ በቂ ገንዘብ ከሌለ ዝውውሩ በአብዛኛው በሁለት የባንክ የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ከዚህም በላይ የግል ሒሳብ ባለቤት «ይህን ክፍያ እኔ አልፈቀድኩም» ብሎ ካመለከተ፣ ባንኩ እስከ 60 ቀን ድረስ ገንዘቡን ሊመልስ ይችላል። አንድ አጭበርባሪ በሌላ ሰው የባንክ ሒሳብ 2,000 ዶላር አስገብቶ ቢትኮይን ቢገዛና በዚያው ቀን ቢያወጣ፣ ዶላሩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ቢትኮይኑ ግን አይመለስም። ኪሳራው በድርጅቱ ላይ ይወድቃል።

የማቆያ ጊዜው ይህን ልዩነት ለማጥበብ የተበጀ ነው። ድርጅቶች 60 ቀን ሙሉ ቢያቆዩ ደንበኛ አይኖራቸውም፤ ፈጽሞ ባያቆዩም ይከስራሉ። ስለዚህ በመካከል ጥቂት ቀናትን ይመርጣሉ። ብዙዎቹ ለአዲስ ደንበኛ ረዘም ያለ፣ በመልካም ታሪክ ለቆየ ደንበኛ አጠር ያለ ጊዜ ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ መግዛትና መሸጥ ይቻላል፤ ከድርጅቱ ውጭ መላክ ግን አይቻልም።

ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ሲለያይ ጊዜውም ይለያያል። በባንክ ዋየር የሚላክ ገንዘብ ባለቤቱ ራሱ «የሚገፋው» ስለሆነና በቀላሉ ስለማይመለስ፣ ማቆያው አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም ወይም አጭር ነው። በአውሮፓም ባለቤቱ ራሱ የሚልከው የሴፓ ዝውውር ከዚሁ ወገን ነው። በክፍያ ካርድ የተከፈለ ገንዘብ ግን ካርዱ ባለቤት ከወራት በኋላም ሊከራከርበት ስለሚችል ጥንቃቄው ይበረታል። ይህ ሰዓት በጥያቄም ሆነ በአቤቱታ አይፈጥንም። የሚያበቃበት ቀን ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ በገባበት ዕለት በሒሳቡ ገጽ ላይ «ለማውጣት ዝግጁ የሆነ» ከሚለው መጠን ጎን ይጻፋል።

ሁለተኛው ሰዓት፦ የደኅንነቱ

ይህ ሰዓት የሚጀምረው በሒሳቡ ቁልፎች ላይ ለውጥ ሲደረግ ነው። የይለፍ ቃል ሲቀየር፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በአዲስ ስልክ ላይ ሲተከል፣ የኢሜይል አድራሻ ሲለወጥ ወይም አዲስ የዋሌት አድራሻ ሲመዘገብ፣ ድርጅቶች ገንዘብ ማውጣትን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ማገዳቸው የተለመደ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሒሳብ የሰረቀ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ ቀጥሎም ገንዘቡን መላክ ነው። ድርጅቱ ለውጡ እንደተደረገ ለባለቤቱ ማስታወቂያ ይልካል። ባለቤቱ ተኝቶ ወይም ሥራ ላይ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል፣ መልእክቱን አይቶ «እኔ አይደለሁም» ለማለት ጊዜ ያስፈልገዋል። ማቆያው የሚሰጠው ያንን ጊዜ ነው።

ወደ ሀገር ቤት የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰዓት ሳያውቁት ሊያስጀምሩት ይችላሉ። ከሜሪላንድ ወይም ከስቶክሆልም ሲገባበት የኖረ ሒሳብ በድንገት ከአዲስ አበባ፣ ያውም በአዲስ ስልክና በአዲስ ሲም ካርድ ሲከፈት፣ ለመቆጣጠሪያ ሥርዓቱ ሁኔታው ከስርቆት ጋር አንድ ዓይነት ነው። በዚያ ላይ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ውጭ ሀገር በተወው ስልክ ቁጥር ከሆነ ባለቤቱ ራሱን ማስረዳት አይችልም። ማረጋገጫውን ከጉዞ በፊት ከአጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ ስልኩ የማረጋገጫ መተግበሪያ ማዛወር ይህን ችግር ያስቀራል፤ ለውጡ ራሱ ማቆያ ስለሚያስከትል ግን ከመሳፈሪያው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ መደረግ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሰዓት፦ የሰነዱ

ከሦስቱ በደንበኛው እጅ ያለው ይህ ነው። ድርጅቱ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ የፊት ቪዲዮ ወይም ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ይጠይቃል። ሰነዱን መጀመሪያ የሚያየው ማሽን ነው። ማሽኑ ካለፈው ጉዳዩ በደቂቃዎች ያበቃል። ካላለፈው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ወረፋውም በሥራ ቀናት ይቆጠራል። ስለዚህ የማሽኑን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል።

በፓስፖርት የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ እያንዳንዳቸው 44 ምልክቶች ያሏቸው ሁለት መስመሮች አሉ። ማሽኑ የሚያነበው እነዚህን ነው። በውስጣቸው ከትውልድ ቀንና ከፓስፖርቱ ቁጥር ቀጥሎ አንድ የመቆጣጠሪያ አኃዝ ይገኛል። አኃዙ የሚገኘው እያንዳንዱን ቁጥር በየተራ በ7፣ በ3 እና በ1 በማባዛት፣ ውጤቱን በመደመርና የድምሩን የመጨረሻ አኃዝ በመውሰድ ነው። ለምሳሌ መጋቢት 12 ቀን 1985 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ ላይ `850312` ተብሎ ይጻፋል።

```
8×7 + 5×3 + 0×1 + 3×7 + 1×3 + 2×1 = 97
```

የመጨረሻው አኃዝ 7 ስለሆነ በፓስፖርቱ ላይ ከትውልድ ቀኑ ቀጥሎ 7 ይታተማል። አሁን በፕላስቲኩ ላይ ያረፈ የመብራት ነጸብራቅ ማሽኑን አሳስቶ 5ን 6 አድርጎ አነበበ እንበል። ድምሩ 100 ይሆናል፤ የመጨረሻው አኃዝም 0። 0 እና 7 ስለማይገጥሙ ማሽኑ ሰነዱን አይቀበልም። ደንበኛው «ሰነድዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልእክት ሲያይ የተጠረጠረ ይመስለዋል፤ ችግሩ ግን የመብራት ነጸብራቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ አራቱም ማዕዘኖች እንዲታዩ በቀን ብርሃን ማንሳት አብዛኛውን እንዲህ ያለ ውድቅ መሆን ያስቀራል።

ኢትዮጵያውያንን ደጋግሞ የሚያሰናክለው ግን ነጸብራቅ ሳይሆን የቀንና የስም ልዩነት ነው። ከላይ በምሳሌው የተጠቀሰው የትውልድ ቀን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 3 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ሒሳቡ ሲከፈት 1977 ብሎ የሞላ ሰው፣ ፓስፖርቱ ላይ 1985 ሲገኝ ለማሽኑ የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ሌላ ሰው ይሆናል። በቀበሌ መታወቂያ የከፈተና በኋላ ፓስፖርት የላከ ደንበኛ በዚሁ ወጥመድ ሊወድቅ ይችላል።

የስሙ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። የቅጹ ንድፍ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ያለው የራሱ ስም፣ የአባቱ ስምና የአያቱ ስም ነው። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። በዚያ ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም በሁለትና በሦስት መልክ ይጻፋል። በፓስፖርቱ፣ በባንክ ሒሳቡና በመገበያያው ሒሳብ ላይ ያሉት ሦስት አጻጻፎች ፊደል በፊደል ካልገጠሙ ማሽኑ ጉዳዩን ለሰው ያስተላልፋል። መፍትሔው ያንኑ ሰነድ ደጋግሞ መላክ አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያስረዳ አጭር ማብራሪያና ሁለቱንም አጻጻፎች የሚያገናኝ ሌላ ሕጋዊ ሰነድ አንድ ላይ ማያያዝ ነው።

አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው

ሦስቱ ሰዓቶች እንዴት እንደሚደራረቡ ለማየት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ደንበኛን በምሳሌነት እንውሰድ። ድርጅቷ ለኤሲኤች የሰባት ቀን፣ ለማረጋገጫ ለውጥ የ48 ሰዓት ማቆያ አለው እንበል።

ሰኞ ጠዋት 2,000 ዶላር ከባንኳ አስገብታ በዚያው ቀን ቢትኮይን ገዛች። የባንኩ ሰዓት ጀመረ፤ የሚያበቃው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ረቡዕ ማታ አዲስ ስልክ ገዝታ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫዋን ቀየረች። የደኅንነቱ ሰዓት ጀመረ፤ የሚያበቃው ዓርብ ማታ ነው። ሐሙስ ዕለት ቢትኮይኑን በሙሉ ወደ ግል ዋሌቷ ለመላክ ስትሞክር፣ አዲስ ስልክ፣ አዲስ አድራሻና ሙሉ መጠን በአንድነት ስለታዩ ሥርዓቱ ሒሳቡን ቆልፎ የማንነት ሰነድ ጠየቀ። ሦስተኛው ሰዓት ጀመረ።

ሐሙስ ማታ ሰነዱን ላከች። ዓርብ ጠዋት ምስሉ ደብዛዛ ነው ተብሎ ተመለሰ። ዓርብ ማታ እንደገና ላከች፤ ቅዳሜና እሑድ አለፉ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስሙ ከባንኳ ስም ጋር አልገጠመም ተባለ፤ ባንኳ የአባቷን ስም፣ ፓስፖርቷ የአያቷን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይዘዋል። ያኑ ዕለት ማታ ማብራሪያና ሁለቱን ስሞች በአንድነት የያዘ ሰነድ አያይዛ ላከች። ረቡዕ ሒሳቡ ተከፈተ፤ ቢትኮይኑም በዚያው ቀን ተላከ።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ሰዓቶቹ ጎን ለጎን ይቆጥራሉ እንጂ አይደመሩም። ሰባት ቀን፣ ሁለት ቀንና የሰነዱ ስድስት ቀን ተደምረው አሥራ አምስት ቀን አልሆኑም፤ ገንዘቡ የወጣው የመጨረሻው ሰዓት ባቆመበት በዘጠነኛው ቀን ነው። የሰነዱ ጉዳይ ሐሙስ ማታ በአንድ ጊዜ ቢያልቅ ኖሮም የባንኩ ሰዓት እስከ ሰኞ ያቆያት ነበር። በስህተቶቹ ያጣችው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የሰነዱ ሰዓት እንደ ሌሎቹ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ በእያንዳንዱ መላክ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። «ማጣራቱ ከአንድ እስከ ሦስት የሥራ ቀን ይወስዳል» የሚለው ማስታወቂያ የሚቆጠረው ሒሳቡ ከተቆለፈበት ቀን ሳይሆን የተሟላ ሰነድ ከቀረበበት ቀን ነው።

በእነዚህ ቀናት የቢትኮይን ዋጋ ሊወርድ ይችላል። እዚህ ላይ የእገዳውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። የታገደው ማውጣት ብቻ ከሆነ ደንበኛዋ ቢትኮይኑን እዚያው ውስጥ ወደ ዶላር ለውጣ መጠበቅ ትችላለች። ሒሳቡ በሙሉ ከተቆለፈ ግን መሸጥም ስለማይቻል የዋጋው መውረድ በእርሷ ላይ ነው። በሁለቱም ሁኔታ እገዳው ሳይነሣ ተጨማሪ ገንዘብ ማስገባት ጥበብ አይደለም።

ልክ የሌለው ማጣራት

አንዳንዴ ሦስቱም ሰዓቶች ካበቁ በኋላም ሒሳቡ አይከፈትም። ያኔ ጥያቄው «ማን ነህ?» ከሚለው አልፎ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ወደሚለው ተሸጋግሯል ማለት ነው። ይህን የሚመረምረው የሕግ ተገዢነት ክፍል የሚባለው ሲሆን፣ ለደንበኛው የሚገልጸው የጊዜ ገደብ አይኖረውም።

ዝምታውም የራሱ ምክንያት አለው። በአሜሪካ ሕግ ድርጅቱ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ሲያገኝ በ30 ቀን ውስጥ ለገንዘብ ሚኒስቴሩ የፋይናንስ ወንጀል መከላከያ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ሪፖርት መቅረቡን ለደንበኛው መንገር ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን አያውቅም፤ ቢያውቅም ሊናገር አይችልም። ዝምታው ደንበኛው ወንጀለኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ሪፖርት ለመቅረቡም ማረጋገጫ አይሆንም።

በዚህ ደረጃ የሚረዳው ሰነድ ገንዘቡ ከደመወዝ ወይም ከሌላ ምንጭ ተነሥቶ መገበያያው ድረስ የተጓዘበትን መንገድ ሳይቋረጥ የሚያሳይ ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ክፍተቱ የሚፈጠረው በእቁብ ነው። ወር በወር 1,000 ዶላር ሲከፍል የቆየ ሰው ዕጣው ሲደርሰው 20,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ይገባለታል፤ ከሃያ ሰዎች ሃያ ዝውውሮችም ሊገቡለት ይችላሉ። እቁብን የማያውቅ መርማሪ የሚያየው ከማይዛመዱ ሰዎች የተሰበሰበና ወዲያው ወደ ክሪፕቶ የተለወጠ ገንዘብ ነው። ይህ ደግሞ የማጭበርበር ገንዘብ ማስተላለፊያ ሒሳቦች መልክ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ የእቁቡን አሠራር በአንድ ገጽ መግለጽ፣ ደንበኛው ራሱ በየወሩ የከፈላቸውን ክፍያዎች በባንክ መግለጫ ላይ ማሳየትና የእቁቡ ሰብሳቢ የፈረመበት የዕጣ ተራ ዝርዝር ማያያዝ ጉዳዩን ይለውጠዋል። በጓደኛ ወይም በዘመድ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ ማስገባት ግን ማብራሪያም ላያድነው ይችላል፤ ብዙ ድርጅቶች በደንበኛው ስም ካልሆነ የባንክ ሒሳብ የመጣን ገንዘብ አይቀበሉም። መጠኑን ቆራርሶ መላክም አይረዳም፤ ሆን ተብሎ ከሪፖርት ለማምለጥ የተደረገ መከፋፈል ራሱ የጥርጣሬ ምልክት ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ለሚኖሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው ደንብ መሠረት፣ ከ1,000 ዩሮ በላይ ወደ ግል ዋሌት ሲላክ ድርጅቱ ዋሌቱ የደንበኛው መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ደንበኛው ከዋሌቱ መልእክት እንዲፈርም ወይም ጥቂት ሳንቲም መልሶ እንዲልክ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የቆየ የማውጣት ጥያቄ የተረሳ ይመስላል፤ እየጠበቀ ያለው ግን ደንበኛውን ነው።

የታገደው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁሉም?

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የሚሠራው ድርጅቱ ጤነኛ ከሆነ ነው። በየካቲት 2014 ማውንት ጎክስ፣ በሰኔ 2022 ሴልሲየስ፣ በኅዳር 2022 ደግሞ ኤፍቲኤክስ ገንዘብ ማውጣትን ሲያቆሙ የታገዱት በአንድ ጊዜ ሁሉም ደንበኞች ነበሩ። ሦስቱም በሳምንታት፣ ኤፍቲኤክስ እንዲያውም በቀናት ውስጥ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት አመሩ። መለያው ግልጽ ነው፦ የግል እገዳ ሰነድ ወይም ቀን ይጠይቃል፤ የድርጅት ችግር ደግሞ ከማንም ምንም ሳይጠይቅ የሁሉንም በር ይዘጋል። በአንድ የተወሰነ ሳንቲም ላይ ለሁሉም የሚደረግ አጭር እገዳ ግን የአውታረ መረብ ጥገና ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹ ሳንቲሞች መውጣት መቻላቸው ይህን ያሳያል።

ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ መገበያያው ራሱ ሐሰተኛ ሲሆን። በማኅበራዊ መገናኛ የተዋወቁት ሰው በላከው አገናኝ የተከፈተ ሒሳብ ትርፍ ያሳያል፤ ገንዘቡ ሊወጣ ሲል ግን «ለማረጋገጫ 10 በመቶ አስቀድመው ይክፈሉ» ወይም «ግብሩን ሳይከፍሉ አይለቀቅም» ይባላል። የመለያው ነጥብ አንድ ነው። እውነተኛ ድርጅት ክፍያውን ከቀሪ ሒሳቡ ላይ ይቀንሳል፤ የታገደን ገንዘብ ለመልቀቅ አዲስ ገንዘብ ከውጭ እንዲላክ አይጠይቅም። ግብር የሚከፈለውም ለመንግሥት እንጂ ለመገበያያው አይደለም። ይህ ጥያቄ ከመጣ ሰነድ መላክም ማቆም ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ «የጠፋውን ገንዘብ እናስመልሳለን» እያሉ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁትም አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ማጭበርበር ሁለተኛ ምዕራፍ ናቸው።

ምን ተብሎ ይጻፍ?

ሦስቱም ሰዓቶች ማለፋቸውን ያረጋገጠ ደንበኛ አንድ የአቤቱታ ቁጥር ከፍቶ በእርሱ ብቻ መቀጠል ይሻለዋል፤ ለአንድ ጉዳይ ብዙ ቁጥር መክፈት መልሱን ይበታትነዋል። በመልእክቱ ውስጥ ገንዘቡ የገባበት ቀንና መንገድ፣ በሒሳቡ ላይ የመጨረሻው ለውጥ የተደረገበት ቀን፣ የማውጣት ጥያቄው የቀረበበት ሰዓትና ሰነዱ የተላከበት ቀን በቅደም ተከተል መስፈር አለባቸው። ከዚያም «ከእኔ የሚጠበቅ የጎደለ ሰነድ አለ?» የሚል አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ይከተላል። ለዚህ ጥያቄ «የለም» ከተባለ ጉዳዩ በሕግ ተገዢነት ክፍሉ ዘንድ ነው ማለት ነው፤ «አለ» ከተባለ ደግሞ የሰነዱ ሰዓት ገና አልቆመም።

መልስ ካልተገኘ ቀጣዩ እርምጃ በድርጅቱ መደበኛ የአቤቱታ አቀራረብ መሠረት በጽሑፍ ማመልከት፣ ከዚያም ድርጅቱን ወደሚቆጣጠረው አካል መሄድ ነው። በአሜሪካ ይህ የክፍለ ግዛቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ለድርጅቱ ፈቃድ የሰጠው ሀገር ባለሥልጣን ነው። ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ደንበኛው አስቀድሞ ለድርጅቱ ያቀረበውን አቤቱታና የተሰጠውን መልስ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን መልእክት ቅጂና የሒሳቡን ገጽ ምስል ከነቀኑ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ያንን ገጽ መልሶ ማየት አይቻልምና።